የሱቁን ብድርና የራሴን ዕዳ እንዴት ልለያቸው? ቤቱ መያዣ ነው፣ ወንድሜም ዋስ ነው

ቆርቆሮ ቤት (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ጠባሴ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ሲገኝ ሲሚንቶም እሸጣለሁ። ንግድ ፈቃዱ በስሜ ነው። ድርጅት የሚባል ነገር የለኝም።

አምና ከባንክ 400,000 ብር ተበደርኩ። ወለዱ 17 በመቶ ነው፣ በሦስት ዓመት የሚያልቅ። በወር 14,261 ብር እከፍላለሁ። የቤታችን ካርታ ተይዟል፣ ባለቤቴም ፈርማለች። መምህር የሆነው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ዋስ ሆኖልኛል።

ከብድሩ 310,000 ብሩ ዕቃ ገባበት። 90,000 ብሩ ለእህቴ ሠርግ ወጣ። መርካቶ ያለ አከፋፋይ የ85,000 ብር ዱቤ አለብኝ። እቁብ በልቻለሁ፣ ገና እየጣልኩ ነው። ለአጎቴም 50,000 ብር አለብኝ፣ እናቴ ስትታመም የተበደርኩት ነው። የሁሉም ክፍያ የሚወጣው ከአንድ መሳቢያ ነው።

ገበያው ቀዝቅዟል። መንገድ ሲዘጋ ዕቃ አይገባም፣ ሲከፈት ዋጋው ጨምሮ ይመጣል። የምፈልገው የሱቁ ዕዳ የሱቁ፣ የኔ የኔ እንዲሆን ነው። ሱቁ ቢወድቅ ቤቴ እንዳይነካብኝ። እንዴት ይደረጋል?

የመንዝ ልጅ

ቀላል ነው ወንድሜ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁም። በ2013 በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ማቋቋም ይችላል፣ የሚስት ስም ለቁጥር ማስገባት ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ዕዳው የማኅበሩ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ባንኩ ቤትህን አይነካም።

ሸዋ ሮቢት 07

እኔ የማውቀው አንድ ሰው ሁለት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት እንደማይችል ነው። አጎቴ ለሱቁ አንድ፣ ለወፍጮ ቤቱ ሌላ ሊያወጣ ሄዶ አሻራህ አለ ተብሎ ተመለሰ። ስለዚህ አይለያይም።

ቆርቆሮ ቤት

@ሸዋ ሮቢት 07 ስለ ግብር ቁጥር አይደለም የጠየቅሁት። ስለ ዕዳው ነው።

ጋሽ መዝገቡ

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የብድር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ፋይል ብዙ አይቻለሁ።

የመንዝ ልጅ ግማሹን ልክ ብሏል። ባለአንድ አባል ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ግን ማኅበሩ ከተወለደ በኋላ ለሚበደረው ነው እንጂ አምና አንተ ለተበደርከው አይሠራም። ውሉ ላይ ተበዳሪው አንተ ነህ። ተበዳሪ የሚቀየረው አበዳሪው ሲስማማ ብቻ ነው። ነገ አዲሱ ማኅበር ልበደር ብሎ ቢሄድም መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ በግሉ ዋስ እንዲሆን ነው፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነህ። ዕቃውን ወደ ማኅበሩ አዛውሮ ባንኩን ባዶ ሱቅ ማሳየትማ አይታሰብ። ከዕዳ ለማምለጥ የተደረገ ነው ብሎ አበዳሪ ፍርድ ቤት ይዞህ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በስምህ የምትነግድ ከሆነ በሕግ ፊት አንተና ሱቁ አንድ ሰው ናችሁ። "የሱቁ ዕዳ" የሚባል ለብቻው የቆመ ዕዳ የለህም። ሁሉም ያንተ ነው። መለየት የሚቻለው በሁለት ቦታ ነው። ሰዎች የሚምታታባቸው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚያዩ ነው።

አንደኛው ደብተርህ ነው። እዚያ ዕዳውን የሚለየው ገንዘቡ የት ገባ የሚለው ነው። ሠርግ ላይ የወጣው 90,000 ብር ባንኩ "የሱቅ ብድር" ብሎ ስለሰጠህ የሱቅ ዕዳ አይሆንም። እቁቡን በልተህ ቀለም ከገዛህበት ደግሞ፣ ስምህ የተጻፈው በሰፈር እቁብ መዝገብ ቢሆንም፣ የሱቅ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው አበዳሪው ያለበት ወገን ነው። እሱ ገንዘቡ የት ገባ አይልም። ማን ፈረመ፣ ምን ብሎ ፈረመ፣ ምን ተያዘ ነው የሚለው። ደብተርህን የቱንም ያህል አሳምረህ ብትይዝ ይኼ አይቀየርም።

ስለዚህ ቤቴ እንዳይነካ ላልከው መልሱ ደብተር ውስጥ የለም፣ ውሉ ውስጥ ነው ያለው። ውሉ እጅህ ላይ አለ? ከሌለ ቅርንጫፉ ሄደህ ቅጂ ጠይቅ። የብድር ውሉን፣ የመያዣ ውሉንና የዋስትና ውሉን ለየብቻ።

እትዬ ጥሩነሽ

ልጄ፣ እኔም የደረሰብኝን ልንገርህ። የቀድሞ ባለቤቴ ለእህል ንግድ ሲበደር ፈርሚ ተባልኩና ፈረምኩ። ምን እንደፈረምኩ ማንም አላነበበልኝም። ኋላ ስንለያይ ዕዳው በሱ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ለካ የፈረምኩት እንደ ሚስት መስማማቴን ሳይሆን አብሬ መበደሬን ነው። ከእናቴ የወረስኩት ቤት ሳይቀር ስሙ ተነሳ። ሚስትህ ምን ተብላ እንደፈረመች ዛሬውኑ እይ።

ጋሽ መዝገቡ

እትዬ ጥሩነሽ ያነሱት ትልቅ ነገር ነው። የጋራ የሆነን ቤት ለማስያዝ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ፊርማዋ ውሉ ላይ መኖሩ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ከፊርማዋ በላይ ያለውን ቃል እይ። "መስማማቴን አረጋግጣለሁ" የሚል ከሆነ የሰጠችው ለቤቱ መያዝ ፈቃድ ነው። "ተበዳሪ" ወይም "አብሮ ተበዳሪ" ከሆነ ግን ዕዳው የሷም ነው፣ ከቤተሰቧ የወረሰችው ካለ እሱም ይጠየቃል።

የወንድምህንም ወረቀት እንዲሁ እይ። እዚያ ሁለት ነገር ፈልግ። አንዱ የብር መጠን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1922 ላይ ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ሌላው "በማይከፋፈልና በማይነጣጠል ኃላፊነት" የሚለው አነጋገር ነው። እሱ ካለ አበዳሪው አንተን ሳይጨርስ በቀጥታ ወንድምህ ላይ መሄድ ይችላል። ብዙ ዋስ "መጀመሪያ እሱን ጠይቁ" ይላል። ይህን ቃል ከፈረመ እንዲህ ማለት አይችልም።

የመንዝ ልጅ

ጋሼ ይቅርታ፣ ቤቱን ለመሸጥ ግን ባንኩ መጀመሪያ ፍርድ ቤት መክሰስ አለበት። ክስ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ እግዜር ያውቃል።

ጋሽ መዝገቡ

የለም። ላልተያዘ ንብረት ነው እንደዚያ። አከፋፋዩ መያዣ የለውም፣ ስለዚህ ከስሶ፣ አስፈርዶ፣ አፈጻጸም ከፍቶ ነው ወደ ንብረት የሚመጣው። ባንክ ግን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የተያዘለትን ቤት ያለ ክስ ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የሚጠበቅበት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ለቀሪው ይከስሃል። ያኔ ሌላ ንብረትህም ይጠየቃል።

የመያዣ ውሉ ላይ ሌላም የማይወደድ አንቀጽ አለ። ቤቱ ለዚህ ብድር ብቻ ነው ወይስ "ተበዳሪው አሁን ላለበትና ወደፊት ለሚኖርበት ማንኛውም ዕዳ" ነው የተያዘው? ሁለተኛው ከሆነ፣ ይህን ብድር ከፍለህ ብትጨርስና ከዚያው ባንክ ሌላ ብድር ኖሮብህ ብታጓትት ካርታህ አይለቀቅም።

ቆርቆሮ ቤት

ቅጂዎቹን አምጥቻለሁ።

ባለቤቴ "መያዣ ሰጪ የትዳር ጓደኛ፣ ተስማምቻለሁ" ተብሎ ነው ስሟ ያለው። ወንድሜ እስከ 400,000 ብርና ወለዱ ድረስ ነው የፈረመው፣ የማይነጣጠል የሚለውም አለ። ቤቱ "ለማንኛውም ዕዳ" ነው የተያዘው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። የአካውንቱን ስቴትመንትም አወጣሁ። ቀሪው ዋና ገንዘብ 288,400 ብር ገደማ ነው።

አሁን ደብተሩን እንዴት ልጀምር?

ጋሽ መዝገቡ

የባለቤትህ ነገር ደህና ነው። የወንድምህ እንደጠበቅኩት ነው።

ደብተሩን ከብድሩ ጀምር። ከ400,000 ብሩ ሱቅ የገባው 310,000 ነው፣ 77.5 በመቶ ማለት ነው። ሠርግ የሄደው 22.5 በመቶ ነው። ይህ ድርሻ እስከ መጨረሻው ክፍያ አይቀየርም። ከ14,261 ብሩ የወር ክፍያ 11,052ቱ የሱቅ ነው፣ 3,209ኙ ያንተ የግል ነው። በመጀመሪያው ወር ከከፈልከው ውስጥ 5,667 ብሩ ወለድ ነበር። ከዚያ ላይ እንኳ 1,275 ብሩ የሠርጉ ወለድ ነው።

ይኼ ለግብርም ይጠቅምሃል። የሂሳብ መዝገብ ይዘህ የምታስገመግም ከሆነ ወጪ ተብሎ የሚቀነስልህ ለንግዱ የዋለው ብድር ወለድ ነው። የሠርጉ ወለድ አይቀነስም። ሙሉውን ብታስገባና ተጠይቀህ 90,000 ብሩ የት እንደገባ ማሳየት ካልቻልክ፣ ትክክለኛው ድርሻ ላይም ጥርጣሬ ይመጣብሃል።

ቀጥሎ አንድ እሑድ ሱቁን ዝጋና ቁጠር። ቆርቆሮውን በቅጠል፣ ሚስማሩን በኪሎ። ዋጋው የገዛህበት ይሁን፣ የምትሸጥበት አይደለም። ዱቤ የሰጠሃቸውን ጨምር፣ ግን ይከፍላል ብለህ የምታምነውን ብቻ። የሞተ ዱቤ ከተቆጠረ ራስህን ነው የምታታልለው። ስትጨርስ እዚህ ጻፍ።

ሰላም ከሞላሌ

ጋሼ፣ የሱቅ ብር ከቤት ብር ጋር የሚደባለቀው ግን እኮ ቴሌብርና የባንክ ዝውውር ላይ ነው። ደንበኛው በግል ስልኩ ቁጥር ይልክለታል። ማታ ከዚያው አስቤዛ ይገዛል። ደብተር ላይ ሳይሰፍር ያልቃል።

ጋሽ መዝገቡ

ልክ ነሽ ልጄ። ሁለተኛ አካውንት ይክፈት። ሁለቱም በስሙ ስለሚሆኑ ሕጉ አይለያቸውም። ዕዳ ቢመጣ ሁለቱም ይታገዳሉ፣ በዚያ እንዳይታለል። ጥቅሙ ዱካው ነው። የደንበኛ ብር ሁሉ ወደ አንዱ ይግባ፣ ቁጥሩን ሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። ከዚያ በየወሩ አንድ ቀን የተቆረጠ ገንዘብ ወደ ቤቱ አካውንት ያዛውር። ቤት ሊቀባ አራት ባልዲ ቀለም ከሱቁ ቢያነሳ እንኳ "ለቤት የወጣ" ብሎ በገዛበት ዋጋ ይጻፈው።

ቆርቆሮ ቤት

ቆጠርኩ። ከረዳቴ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀብን።

ዕቃ 420,000 ብር። ይከፍላሉ የምላቸው ዱቤዎች 60,000። በእጅና በባንክ 35,000። ድምሩ 515,000።

እቁቡ በሳምንት 2,000 ብር ነው፣ 40 ሰው ነን። በአሥራ ሁለተኛው ዕጣ ደርሶኝ 80,000ውን በሙሉ ቀለም አስመጣሁበት። 28 ሳምንት ይቀረኛል።

ጋሽ መዝገቡ

እንግዲህ ለየው። እቁብ ሳይደርስህ ቁጠባ ነው፣ ከበላኸው በኋላ ዕዳ ነው። 28 ጊዜ 2,000፣ 56,000 ብር ቀርቶብሃል።

የሱቁ ዕዳ፦ ከባንኩ ቀሪ 77.5 በመቶው 223,500 ገደማ፣ መርካቶ 85,000፣ እቁብ 56,000። ድምሩ 364,500። ከ515,000 ላይ ስትቀንሰው ሱቁ 150,500 ብር የራሱ አለው።

ያንተ የግል ዕዳ፦ የሠርጉ ቀሪ 64,900፣ የአጎትህ 50,000። ድምሩ 114,900።

ሱቁ አልወደቀም ማለት ነው። የተጨናነቀው መሳቢያው ነው። የሠርጉንም የእናትህን ሕክምናም እየከፈለ ያለው ሱቁ ነው። የአጎትህን ሳንጨምር፣ በሳምንት 2,000 ብር እቁብ እየጣለ፣ በወር ደግሞ 3,209 ብር የማይመለከተውን ይከፍላል። አሁን በወር ለቤት ስንት ታወጣለህ?

ቆርቆሮ ቤት

እውነቱን ለመናገር ቆጥሬ አላውቅም። ባለቤቴ ከ15,000 አያንስም ትላለች።

ጋሽ መዝገቡ

እንግዲያው ለቤት የምትቆርጠው ገንዘብ አስቤዛውን ብቻ ሳይሆን 3,209 ብሩንና ለአጎትህ የምትሰጠውንም ይሸከም። አስቤዛው ወደ 12,000 ቢወርድ ከ3,209ኙ ጋር 15,209 ይሆናል፣ አሁን ከምታወጣው ብዙም አይርቅም። የአጎትህን ተነጋገርበት። ዘመድ ነው፣ ጊዜ ይሰጣል። ባንክ አይሰጥም።

አከፋፋዩን ግን አታጓትት። መያዣ የለውም ብለህ ወደ ኋላ ብታደርገው ዱቤውን ይዘጋብሃል። ያኔ የቆጠርከው 420,000 ብር ዕቃ እያለቀ አይተካም።

ሸዋ ሮቢት 07

ባንኩ ክፍያውን እንዲያራዝምለት ቢጠይቅስ? ወሩ ይቀልለታል።

ጋሽ መዝገቡ

ይቻላል፣ ግን ሳይዘገይ በፊት ይጠይቅ። ወሩ ሲቀል የሚከፈለው ወለድ በድምሩ ይበዛል። ሲራዘም አዲስ ወረቀት ይፈረማል፣ ወንድሙም እንደገና ፈርም ይባላል። አዲሱ ወረቀት ላይ የዋስትናው መጠን ከፍ እንዳይል፣ እሱም ሳያነብ እንዳይፈርም።

እንዲያውም ያን ጊዜ የምትጠይቀው ሌላ ነገር አለ። ቀሪው 288,400 ብር ሆኗል። ቤቱ ብቻውን ከዚህ በላይ ተገምቶ ከሆነ ወንድሜን ከዋስትና ልቀቁልኝ በል። በጽሑፍ አቅርብ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። ሥራ አስኪያጁ በቃል "ችግር የለም" ቢልህ ወንድምህ አሁንም ዋስ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ

ልጄ፣ ባለቤትህ ስምምነት ብቻ ስለፈረመች አትዘናጋ። እኔ ጠበቃ ስጠይቅ ዕዳው ለቤተሰቡ ጥቅም የዋለ ከተባለ ባልም ሚስትም ይጠየቃሉ ብሎኛል። ሱቁ አይደለም ወይ ቤተሰቡን የሚያበላው?

የመንዝ ልጅ

እንደዛማ ከሆነ የየትኛው ነጋዴ ሚስት ትድናለች? ሱቅ ሁሉ ቤተሰብ ያበላል። የእህቱ ሠርግ ግን ለቤተሰቡ ጥቅም አይባልም፣ እህቱ የሱ ቤተሰብ እንጂ የሷ አይደለችም።

ጋሽ መዝገቡ

የቤተሰብ ሕጉ እትዬ ጥሩነሽ እንዳሉት ይላል። በአንድ ተጋቢ የግል ዕዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሱ የግል ንብረት ነው፣ እሱ ከሌለ የጋራው። ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ከሆነ ግን ሁለቱም በአንድነት ይጠየቃሉ። የሱቅ ብድር ከየትኛው ወገን ነው በሚለው ላይ እኔ በሥራ ዘመኔ ሁለቱንም ዓይነት ክርክር ሰምቻለሁ። ባለቤትህ ከወላጆቿ የወረሰችው ነገር ካላት በዚህ ጉዳይ ጠበቃ ጋ ሂዱ፣ እዚህ አንጨርሰውም።

ቆርቆሮ ቤት

ሰላ ድንጋይ የአባቷ ቤት አለ፣ ከእህቶቿ ጋር ገና አልተከፋፈሉም። እንጠይቃለን።

ሁለተኛውን አካውንት ከፍቻለሁ፣ ቁጥሩንም ለጥፌያለሁ። ደንበኞቼ ግን አሁንም በስልኬ ነው የሚልኩት። ለወንድሜ ማመልከቻውን ጽፌ ሰኞ አስገባለሁ። ቤቱን ሲይዙት የገመቱት ስንት እንደሆነ ግን ውሉ ላይ አላየሁም።

ጋሽ መዝገቡ

የግምት ወረቀቱ ለብቻው ነው፣ ፋይሉ ውስጥ አለ። ማመልከቻውን ስታስገባ ቅጂውን አብረህ ጠይቅ። አንዳንድ ቅርንጫፍ የውስጥ ሰነድ ነው ብሎ አይሰጥም። ያኔ ቁጥሩን ብቻ እንዲነግሩህ ጠይቅ። በስልክህ የሚላክልህን ደግሞ በዚያው ቀን ማታ ወደ ሱቁ አካውንት አዛውረው፣ እስኪለምዱ ድረስ።

ሰላም ከሞላሌ

ጋሼ እኔም ልጠይቅ። ባለቤቴ ሳይነግረኝ ለጓደኛው ሱቅ ዋስ ሆኖ ፈርሟል። እኔ አልፈረምኩም። ይህን ማፍረስ ይቻላል?

ጋሽ መዝገቡ

አዲስ ክር ክፈቺለት፣ ይኼ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ጊዜ አለው። ያልተስማማ ተጋቢ ፍርድ ቤት ሄዶ ይፍረስልኝ የሚልበት ቀን የተገደበ ነው፣ ካወቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። መቼ እንዳወቅሽ የሚያሳይ ነገር ካለ ያዢ፣ ጠበቃም ዛሬ ነገ ሳትዪ አነጋግሪ።